ከሽጉጡ በኋላ ተነስቶ ፎልስ ስታርት? ስለ 0.100 ሰከንድና ስለ ብሎኩ ሴንሰር

«ጋሼ ጤና ይስጥልኝ። ስታዲየም አካባቢ ባለ አንድ ክለብ 200 ሜትር እሮጣለሁ። ባለፈው ከጓደኞቼ ጋር የዴቨን አለንን የ2022 የመሰናክል ፍጻሜ ቪዲዮ አየን። የምላሽ ጊዜው 0.099 ይላል። ታዲያ የተነሳው ከሽጉጡ በኋላ አይደለም እንዴ? ለምን ያለጊዜው ተነሳ፣ ፎልስ ስታርት ነው ብለው አባረሩት? ብሎኩስ አንድ ሺህኛ ሰከንድ እንዴት ያውቃል? የእኛ አሰልጣኝ ደግሞ ‹ሽጉጡን ገምታችሁ ተነሱ› ይለናል። እሱስ ያዋጣል?»

አዎ፣ አለን የተነሳው ከሽጉጡ በኋላ ነው። በዚህ ላይ የተከራከረ ሰው የለም። ደንቡ የሚለው ግን ሌላ ነው። ከሽጉጡ በኋላ 0.100 ሰከንድ ሳይሞላ እግሩን ያሳረፈበትን የመነሻ ብሎክ የገፋ ሯጭ ሽጉጡን ሰምቶ አልተነሳም ይላል። ድምፁ ጆሮው ገብቶ እግሩን ለማንቀሳቀስ ጊዜ አልነበረውም። ስለዚህ ለመነሳት የወሰነው ሽጉጡ ሳይተኮስ ነው ተብሎ ይቆጠራል። እግሩ ከሽጉጡ በኋላ ቢንቀሳቀስም ውሳኔው ቀድሟል።

ለምን እንዲህ እንደሚታሰብ ለመረዳት ድምፁን እግር በእግር እንከተለው። መጀመሪያ ድምፁ አየሩን አቋርጦ ጆሮህ ይደርሳል። ጆሮ ውስጥ ወደ ነርቭ መልእክት ይቀየራል። መልእክቱ አንጎል ይገባል። አንጎል «ይኸው ሽጉጡ፣ ተነስ» የሚል ትእዛዝ ያወጣል። ትእዛዙ በአከርካሪ ወርዶ እስከ እግር ጡንቻ ይጓዛል። ይህ የመጨረሻው ጉዞ ብቻውን ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል፤ አንድ ሚሊ ሰከንድ የሰከንድ አንድ ሺህኛ ነው። ትእዛዙ ከደረሰም በኋላ ጡንቻው ወዲያው አይገፋም። መኮማተር፣ ጅማቱን መወጠር፣ ከዚያ በጫማው በኩል ብሎኩን መጫን አለበት። ይህም ሌላ አሥር ምናምን ሚሊ ሰከንድ ይወስዳል። ሁሉም ሲደመር ወደ መቶው ይጠጋል።

ቤትህ ልትሞክረው ትችላለህ። ጓደኛህ የ30 ሳንቲ ሜትር ማስመሪያ ከላይ ይዞ ቁልቁል ያንጠልጥል። አንተ ጣቶችህን ከታች ዜሮው ጋ ከፍተህ ጠብቅ። ሳይነግርህ ይልቀቀው። አብዛኛው ሰው የሚይዘው 15 እና 20 ሳንቲ ሜትር መካከል ነው። ይህ በሰዓት ሲመነዘር 0.175 እና 0.200 ሰከንድ ገደማ ነው። በ0.100 ሰከንድ ለመያዝ 5 ሳንቲ ሜትር ላይ መያዝ አለብህ። እዚያ ከደረስክ ወይ ገምተሃል፣ ወይ የጓደኛህ ጣት ሲላላ አይተሃል። በእርግጥ ይህ በዓይን ነው፤ በጆሮ ሲሆን ትንሽ ይፈጥናል። የሰለጠነ ሯጭ ደግሞ ከእኔና ከአንተ ይሻላል። ግን እሱም ገደብ አለው።

የዓለም ምርጦች ቁጥር ምን ይመስላል? ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ዩሴይን ቦልት በ2009 በርሊን ላይ 9.58 ሲሮጥ የምላሽ ጊዜው 0.146 ነበር። ኖህ ላይልስ በ2024 ፓሪስ ላይ የ100 ሜትር ወርቅ ሲወስድ 0.178 ነበር። በዚህ ደረጃ ያለ ሯጭ ብዙ ጊዜ ከ0.120 እስከ 0.180 መካከል ነው የሚነሳው። ስለዚህ 0.100 መስመሩ የተሰመረው ሰዎቹ ከሚገኙበት ቦታ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው።

«ታዲያ ዜሮ ላይ ለምን አላሰመሩትም? ከሽጉጡ በፊት የተነሳ ይባረር፣ ከኋላ የተነሳ ይሩጥ» ትል ይሆናል። ቀላል ይመስላል፤ ግን ገማቹን በነፃ ይለቀዋል። እንዲህ አስበው። ስታርተሩ «ተዘጋጁ» ካለ በኋላ ሁለት ሰከንድ ገደማ ቆይቶ ይተኩሳል። አንድ ሯጭ የስታርተሩን አመል አጥንቶ በልቡ ይቆጥርና ልክ በሁለተኛው ሰከንድ ይገፋል። ሽጉጡ ከእሱ በ20 ሚሊ ሰከንድ ቀድሞ ፈነዳ እንበል። ሰሌዳው ላይ 0.020 ይወጣለታል። ጎኑ ያለው ሐቀኛ ሯጭ ደግሞ ሰምቶ በ0.140 ተነሳ። ገማቹ 0.120 ሰከንድ አተረፈ ማለት ነው። በ100 ሜትር መጨረሻ ላይ ሯጮች በሰከንድ ከ10 ሜትር በላይ ይሄዳሉ። ያ ትርፍ ከአንድ ሜትር ይበልጣል። ላይልስ ፓሪስ ላይ ኪሻን ቶምፕሰንን የቀደመው በ0.005 ሰከንድ ነበር። ግምት የሚያስገኘው ትርፍ ከዚህ ሃያ እጥፍ ይበልጣል።

ደንቡ የሚቀጣው እንግዲህ ይህን ቁማር ነው። ሁሉንም ግን አይዝም። ገምቶ 0.110 ላይ የወደቀ ሯጭ ያልፋል፤ ምክንያቱም ሰምቶ ሊሆን ይችላል። ማሽኑ የሯጩን ልብ አያነብም። የሚይዘው ሰው ሰምቶ ሊያደርገው አይችልም የተባለውን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ብሎኩ እንምጣ። እኛ የምንለማመድበት ተራ ብሎክ የምታውቀው ነው። መሃል ሐዲድ አለው፣ መሙን የሚነክሱ ሾሎች አሉት፣ ሁለት የእግር ማሳረፊያዎች አሉት። በትልልቅ ውድድር ላይ ያለውም ቅርጹ ይኸው ነው። ልዩነቱ ሴንሰር መኖሩ ነው። ሁለት ዓይነት አሠራር አለ። አንደኛው ግፊት የሚለካ ነው። ብሎኩ ውስጥ ስስ የብረት መስመር ያለው ቁራጭ ተለጥፏል። ስትገፋው በዓይን በማይታይ መጠን ይለጠጣል። ሲለጠጥ ኤሌክትሪክ የማሳለፍ አቅሙ ይቀየራል። ያንን ለውጥ ወደ ግፊት መጠን ይመልሱታል። ሁለተኛው ንዝረትንና የፍጥነት ለውጥን የሚለካ ነው። ስልክህን ስታዞረው ምስሉ አብሮ እንዲዞር የሚያደርገው ዓይነት ሴንሰር ነው። ብሎኩ ላይ ይታሰርና ሯጩ ሲገፋ ሐዲዱ የሚደርስበትን ንቅናቄ ይሰማል።

ሴንሰሩ የሚሠራው ሽጉጡ ከተተኮሰ በኋላ ብቻ አይደለም። ሯጮቹ ቦታ ከያዙ ጀምሮ ሳያቋርጥ ይለካል። የሰዓት አምራቹ የኦሜጋ ብሎኮች ለምሳሌ በሰከንድ 4,000 ጊዜ ይለካሉ። ይህ ሁሉ በመስመር ተስሎ ይቀመጣል። መስመሩ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ጊዜ ነው። ሲወጣ ግፊት ጨመረ ማለት ነው። «ተዘጋጁ» ሲባል ሯጩ ወገቡን ያነሳና ብሎኩን በመጠኑ ይጫናል። መስመሩ ትንሽ ከፍ ይልና ይረጋል። ከዚያ ሽጉጡ ይፈነዳል። ለተወሰነ ጊዜ ምንም አይታይም፤ መስመሩ እንደተኛ ነው። ያ ዝምታ ድምፁ በሯጩ ሰውነት ውስጥ የሚጓዝበት ጊዜ ነው። ከዚያ መስመሩ በድንገት ሽቅብ ይተኮሳል።

የምላሽ ጊዜ የሚባለው ሽጉጡ ከተተኮሰበት ነጥብ መስመሩ ሽቅብ መውጣት እስከጀመረበት ነጥብ ያለው ርቀት ነው። ሽጉጡ ራሱ ከሥርዓቱ ጋር በሽቦ የተያያዘ ስለሆነ ቃታው ሲሳብ ዜሮው ይመዘገባል። ልኬቱ ከሽጉጡ በፊትም ስላለ ቁጥሩ ከዜሮ በታች ሊሆን ይችላል። ቦልት በ2011 ዴጉ ላይ ከ100 ሜትር ፍጻሜ ሲባረር የተመዘገበለት ሲቀነስ 0.104 ነበር። ከሽጉጡ ከአሥረኛ ሰከንድ በላይ ቀድሞ ተነስቷል። እሱን ለማየት ማሽን አላስፈለገም። ሸሚዙን አውልቆ ሲሄድ ዓለም ሁሉ አየው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በል፤ የጉዳዩ ሁሉ ቁልፍ ነው። «መስመሩ ሽቅብ መውጣት የጀመረበት ነጥብ» ስል ቀላል አስመሰልኩት። ግን መስመሩ ፍጹም ተኝቶ አያውቅም። ሯጩ ይተነፍሳል፣ ጡንቻው ይንቀጠቀጣል፣ ብሎኩም ይነዝራል። ስለዚህ ማሽኑ «ከዚህ በላይ ከወጣ እውነተኛ ግፊት ነው» የሚልበት ደፍ ያስፈልገዋል። ደፉን ዝቅ ካደረግከው ቶሎ ይሰማል፤ ግን ተራ መንቀጥቀጥንም መነሳት ብሎ ሊቆጥር ይችላል። ከፍ ካደረግከው አይሳሳትም፤ ግን ሯጩ መግፋት ከጀመረ ከጥቂት ሚሊ ሰከንድ በኋላ ነው የሚነቃው። በዚህ ምክንያት ያው አንድ መነሳት በአንድ ሥርዓት 0.105፣ በሌላው 0.115 ሊሆን ይችላል። ሯጩ አልተለወጠም። የተለወጠው ደፉ ነው።

ይህ በሴቶችና በወንዶች መካከልም ይታያል። በ2008 የቤጂንግ ኦሎምፒክ የምላሽ ጊዜዎችን ያጠኑ የአሜሪካ ተመራማሪዎች የሴቶቹ ቁጥር ከወንዶቹ ረዘም ብሎ አገኙት። ያቀረቡት ማብራሪያ የሴቶች ጆሮ ዘገየ የሚል አይደለም። ደፉ ለሁሉም አንድ ከሆነና ሯጯ የምታሳርፈው ግፊት ካነሰ፣ ግፊቷ ደፉን እስኪያልፍ ትንሽ ይቆያል ነው ያሉት። እኔ ይህን ማብራሪያ አሳማኝ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ማሽኑ ከ0.100 በታች ሲያገኝ ምን ይሆናል? ስታርተሩና ረዳቱ ማዳመጫ አድርገዋል። ጢጥ የሚል ድምፅ ይሰማቸዋል። ሁለተኛ ጥይት ይተኮስና ሯጮቹ ይመለሳሉ። ከዚያ ኃላፊዎቹ ስክሪኑ ላይ የስምንቱንም መስመር ያያሉ። የማን መስመር ቀድሞ እንደወጣ ይፈትሻሉ። ጥፋተኛው ከታወቀ በሰያፍ የተከፈለ ቀይና ጥቁር ካርድ ይታየዋል። ጥፋቱ የማንም ካልሆነ፣ ለምሳሌ ከተመልካች ጩኸት የተነሳ ከሆነ፣ አረንጓዴ ካርድ ይወጣል። ከ2010 ጀምሮ ምሕረት የለም፤ የመጀመሪያው ጥፋት ያስወጣል። ለዲካትሎንና ለሄፕታትሎን ብቻ ነው አንድ ዕድል የተተወው። ማሽኑ በዓለም አትሌቲክስ የጸደቀ ከሆነ ማስረጃው እንደ መጨረሻ ቃል ይወሰዳል። ሯጩ «በተቃውሞ ልሩጥ» ቢልም አይፈቀድለትም። የሚፈቀድለት ዳኛው የማሽኑ መረጃ በግልጽ የተሳሳተ ነው ካለ ብቻ ነው።

ማሽኑ የሚሰማውና ዓይን የሚያየው ሁልጊዜ አይገናኙም። አሜሪካዊው ሯጭ ጆን ድራመንድ የደረሰበት ይኸው ነው። በ2003 ፓሪስ ነበር፤ ቀነኒሳ፣ ኃይሌና ስለሺ 10,000 ሜትሩን ከአንድ እስከ ሦስት ተከታትለው የገቡበት ሻምፒዮና። ድራመንድ በ100 ሜትር ማጣሪያ 0.052 ተመዘገበበት። አሳፋ ፓወልም በዚያው መነሳት 0.086 ነበረው። ሁለቱም ተባረሩ። ድራመንድ «አልተንቀሳቀስኩም» ብሎ መሙ ላይ ተጋደመ። ውድድሩ ለረጅም ጊዜ ተቋረጠ። ከውጭ ለሚያይ ሰው እውነቱን ይመስላል፤ ከብሎኩ ዘሎ አልወጣም። ግን እግሩ ብሎኩን ሲጫን መስመሩ ወጥቷል። ማሽኑ የሚያውቀው ደግሞ መስመሩን ነው። ዛሬ ደንቡ ይህን ይለየዋል። እግሩ ከማሳረፊያው ወይም እጁ ከመሬት ካልተላቀቀ መንቀጥቀጡ ብቻውን እንደ መነሳት አይቆጠርም። ማስጠንቀቂያ ግን ሊያሰጥ ይችላል። ስለዚህ ዛሬ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን የመስመሩንም ቅርጽ የሚያነብ ዳኛ ያስፈልጋል። እውነተኛ መነሳት ሽቅብ ወጥቶ ይቀጥላል። መንቀጥቀጥ ወጣ ብሎ ይመለሳል።

የድምፁን ነገር ደግሞ ባጭሩ ላንሳ፤ 200 ሜትር ስለምትሮጥ ይነካሃል። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። አንድ ሜትር ለመሄድ 3 ሚሊ ሰከንድ ይፈጅበታል ማለት ነው። የአንድ መስመር ስፋት 1.22 ሜትር ነው። ስታርተሩ አንደኛው መስመር ዳር ከቆመ፣ ስምንተኛው ከአንደኛው በ8.5 ሜትር ይርቃል። በቀጥታ መነሻ ላይ እንኳን 25 ሚሊ ሰከንድ ዘግይቶ ይሰማል። በ200 ሜትር ደግሞ ስምንተኛው መስመር ላይ ያለው ሯጭ በመታጠፊያው ምክንያት ወደ ፊት 26 ሜትር ገደማ ተገፍቷል። መዘግየቱ የዚያኑ ያህል ይከፋል። ለዚህ ነው በትልልቅ ውድድር እያንዳንዱ ብሎክ ጀርባ ስፒከር ያለው። ሽጉጡም ዛሬ ኤሌክትሮኒክ ነው፤ ድምፁ ለስምንቱም ስፒከር በአንድ ቅጽበት ይደርሳል። ስፒከር በሌለበት 0.100ን ለሁሉም እኩል ማስከበር አይቻልም፤ ሩቅ ያለው ሯጭ ሳያጠፋ ይዘገያል። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልንገርህ። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ድምፅ ይዘገያል የሚሉ አሉ። አይዘገይም። የድምፅን ፍጥነት የሚወስነው በዋናነት የአየሩ ሙቀት ነው።

አሁን የጠየቅከኝን ጉዳይ በዝርዝር እንየው። ዩጂን፣ ኦሪገን፣ ሐምሌ 17 ቀን 2022፣ እሑድ። ከሰዓት በኋላ በእኛ ሰዓት ታምራት ቶላ ማራቶኑን አሸንፎ ስለነበር እዚህ ብዙዎቻችን እስከ ንጋት አልተኛንም። አለን የኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ልጅ ነው፤ ሜዳው የራሱ ሜዳ ነው። ከወር በፊት ኒውዮርክ ላይ 110 ሜትር መሰናክልን በ12.84 ሰከንድ ሮጦ ስለነበር ለወርቁ ይጠበቅ ነበር። በዚያው ዕለት በግማሽ ፍጻሜው የምላሽ ጊዜው 0.101 ነበር። አለፈ። ከሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ በኋላ ፍጻሜው ላይ 0.099 ሆነ። ተባረረ። ልዩነቱ 2 ሚሊ ሰከንድ ነው።

ከእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ምን ማንበብ ይቻላል? እኔ የማነበው ይህን ነው። ገማች ሰው ተበታትኖ ነው የሚወድቅ። አንዴ ከሽጉጡ በፊት፣ አንዴ 0.040፣ አንዴ 0.130። ሁለቴ ተከታትሎ 0.100 አጠገብ በ2 ሚሊ ሰከንድ ልዩነት የሚወድቅ ሰው እየገመተ አይመስለኝም። እየሰማ ነው፤ በጣም ፈጣን ነው፤ ማሽኑም ቶሎ የሚነቃ ነበር። በዚያው ሻምፒዮና በሴቶች 100 ሜትር ግማሽ ፍጻሜ ጁሊየን አልፍሬድ በ0.095፣ ታይኒያ ጌተር በ0.093 ተባርረዋል። በዩጂን የሌሎቹም ሯጮች ቁጥር ከቀደሙት ሻምፒዮናዎች ዝቅ ብሎ መታየቱን ውጤቶቹን ጎን ለጎን ያስቀመጡ ሰዎች ወዲያው አስተውለዋል። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁሉም ሯጭ አብሮ ጆሮው አይፈጥንም። ይልቁን ልኬቱ የሚጀምርበት ነጥብ ቀደም ማለቱን ያሳያል። አልፍሬድ ከሁለት ዓመት በኋላ ፓሪስ ላይ የኦሎምፒክ 100 ሜትር ወርቅ ወሰደች።

ይህን ስል ዳኞቹ ሕግ ጣሱ እያልኩ አይደለም። በእጃቸው ያለው ደንብ 0.100 ይላል፤ ማሽናቸው 0.099 አለ። የሚያከራክረው ቁጥሩ ራሱ ነው። በ2009 የፊንላንድ ተመራማሪዎች ለዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ባቀረቡት ጥናት ሯጮች ሰምተውም ከ100 ሚሊ ሰከንድ በታች ሊነሱ እንደሚችሉ አሳይተዋል። መስመሩ ወደ 80 ወይም 85 ዝቅ እንዲል ሐሳብ አቀረቡ። ከዚያ በፊት በ2007 የእንግሊዝ ተመራማሪዎችም ተመሳሳይ ነገር ጽፈው ነበር። መስመሩ ግን አልተነቃነቀም። መስመሩን ዝቅ ማድረግ ጥቂት ገማቾችን እንደሚያሳልፍ እረዳለሁ። የእኔ አቋም ግን ይህ ነው። ቁጥሩ ከመነካቱ በፊት የደፉ ነገር አንድ ይሁን። ሁሉም ማሽን መነሳትን ከአንድ ነጥብ ይጀምር። ያ ሳይሆን 0.099ንና 0.101ን መለየት የአንዱን ሜዳ ሜትር ከሌላው ሜዳ ሜትር ጋር እንደማወዳደር ነው። 0.090 እና 0.100 መካከል የወደቀ ሯጭ ደግሞ ከቁጥሩ ይልቅ መስመሩ ታይቶ ቢፈረድለት ይሻላል።

«በካሜራ አይተው ለምን አልፈረዱለትም?» እንዳትለኝ። ተራ የቴሌቪዥን ካሜራ በሰከንድ 50 ምስል ያነሳል ብንል፣ በአንዱና በሚቀጥለው ምስል መካከል 20 ሚሊ ሰከንድ አለ። 2 ሚሊ ሰከንድ እዚያ ውስጥ ይጠፋል። በዚያ ላይ ግፊቱ ከሚታየው ንቅናቄ ይቀድማል። ሯጩ መግፋት ሲጀምር ሰውነቱ ገና የቆመ ነው የሚመስለው።

ወደ አሰልጣኝህ ልምጣ። እኔ ለዓመታት ስታርተር ሆኜ ሠርቻለሁ። ሴንሰር በሌለበት ሜዳ፣ በዓይኔ ብቻ። በዓይን ስትዳኝ የምታየው እጆችንና እግሮችን ነው፤ መሬቱን ማን ቀድሞ ለቀቀ? ሽጉጡ ሳይፈነዳ የለቀቀውን ትይዘዋለህ። ከሽጉጡ በኋላ በ0.040 የለቀቀውን ግን አትይዘውም፤ ለዓይንህ እኩል ነው። ስለዚህ እንደኛ ባለ ሜዳ ገማች አንዳንድ ጊዜ ያተርፋል። አሰልጣኝህም ያየው ይህን ይመስለኛል። ችግሩ ልምዱ አብሮህ መሄዱ ነው። ሴንሰር ያለበት ውድድር ላይ የደረስክ ቀን ያው ልምድ ከመጀመሪያው ማጣሪያ ያስወጣሃል። ደግሞም ጎበዝ ስታርተር ጊዜውን ሆን ብሎ ይለዋውጣል። አንዴ ቶሎ ይተኩሳል፣ አንዴ ይቆያል። ስምንቱም ጸጥ ሳይሉ አይተኩስም። ገማቹ ያኔ ወይ ይወጣል፣ ወይ ሽጉጡን ሲጠብቅ ደንዝዞ ከሁሉም ይዘገያል።

ይልቅ የራስህን ቁጥር እወቅ። ስልክህ በሰከንድ 240 ምስል የሚያነሳ ከሆነ ብሎክ ሴንሰር ባይኖርህም ግምታዊ ልኬት ታገኛለህ። ሁለት ጣውላ የሚያጋጭ ጓደኛ ከብሎክህ አንድ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ይቁም። ስልኩ ከጎን ሆኖ ጣውላውንም የአንተን ጫማና ወገብም በአንድ ላይ ያንሳ። ጓደኛህ ጊዜውን ይለዋውጥ፤ ሳይቆጥርልህ። ከዚያ ቪዲዮውን ምስል በምስል እያሳለፍክ ቁጠር። ጣውላዎቹ ከተጋጩበት ምስል ጀምረህ ወገብህ ወይም እጅህ መጀመሪያ እስከተንቀሳቀሰበት ምስል። አንድ ምስል 4 ሚሊ ሰከንድ ትንሽ ያልፋል፤ 24 ምስል 0.100 ሰከንድ ነው። የሚታየው ንቅናቄ ከግፊቱ ስለሚዘገይ ብሎክ ሴንሰር ቢኖር ከዚህ ያነሰ ቁጥር ይሰጥህ ነበር።

አሥር ጊዜ ሞክርና ቁጥሮቹን ጻፍ። ተቀራርበው 40 ምስል አካባቢ ከተሰበሰቡ እየሰማህ ነው። አንዱ 15፣ አንዱ 55፣ አንዱ ከጣውላው በፊት ከሆነ እየገመትክ ነው። ወረቀቱን ለአሰልጣኝህ አሳየው።

ብሎክህን ስትተክል ደግሞ ሾሎቹ መሙን በደንብ መንከሳቸውን በእግርህ ረግጠህ አረጋግጥ። የሚንሸራተት ብሎክ ሴንሰር ባለበት ሜዳ የውሸት ንቅናቄ ያስመዘግባል። «ተዘጋጁ» ሲባል ወገብህን አንድ ጊዜ አንሳና እዚያው ቁም። ሁለቱንም ማሳረፊያ ቀድመህ ተጭነህ ያዝ፤ ሽጉጡን እየጠበቅህ ተረከዝህን አታወዛውዝ፣ ክብደትህን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው አታዛውር። ስታርተሩ ያንን ካየ አይተኩስም፤ ሁላችሁንም ያስነሳችኋል። ማሽኑ ካለ ደግሞ መስመርህ ላይ ጉብታ ይተዋል።